በፊደል ሌላ፣ በቁጥር ሌላ፦ የእንግሊዝኛ የኪራይ ውል ከመፈረም በፊት እንዴት ይፈተሻል

(አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ለሚኖሩ ወገኖች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

ሰላም ለሁላችሁም፣ እሁድ ከሰዓታችሁን ሰውታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የአፓርታማ ሊዝ እጃችሁ ሲገባ ቁጥሮቹንና በውሉ ውስጥ ለሰውና ለቤቱ የተሰጡትን ስያሜዎች እንዴት እንደምትፈትሹ። ስለ ክሬዲት፣ ስለ ሰፈር፣ ስለ ላንድሎርድ ጸባይ ሌላ ቀን። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፣ ስራዬ ሰነድ አንብቦ ስህተት ማውጣት ነው፣ እዚህ አካባቢ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰው ይዞልኝ የሚመጣው ሊዝ ነው። ሕጉን ጠበቃ ይነግራችኋል፣ እኔ የማሳያችሁ አይን የት የት ማረፍ እንዳለበት ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ እንወቅ፣ ምክንያቱም ከየት እንደሚመጣ ያወቀ ሰው የት እንደሚፈልገው ያውቃል። ሊዝ የሚባለውን ነገር ማንም ቁጭ ብሎ እንደ አዲስ አይጽፈውም። ያለፈው ዓመት ፋይል ይከፈታል፣ ስም ይቀየራል፣ ቀን ይቀየራል፣ ኪራዩ ይቀየራል፣ ይላካል። ችግሩ ኪራዩ የተጻፈው ሁለት ጊዜ ነው፣ አንዴ በፊደል አንዴ በቅንፍ ውስጥ በቁጥር፣ የሚቸኩለው ሰው አይን ደግሞ ቁጥሩ ላይ ነው የሚሄደው፣ እሱን ቀይሮ ፊደሉን እንዳለ ይተወዋል። አንዳንድ ቢሮ ደግሞ ቁጥሩን ሶፍትዌሩ በራሱ ይሞላዋል ፊደሉን ግን ሰው ነው የሚተይበው፣ ስለዚህ ሁለቱ ከመጀመሪያውም ከአንድ ቦታ አልመጡም ማለት ነው። ሁለቴ መጻፉ ከእጅ ጽሑፍ ዘመን የመጣ ልማድ ነው፣ ቁጥር በቀላሉ ስለሚደለዝና አንድ ዜሮ መጨመር ስለማያቅት። ዛሬ በታይፕ በተጻፈ ውል ላይ እኔ በበኩሌ ቁጥሩ አንዴ ብቻ ቢጻፍ ነው የምመርጠው፣ ሁለት ቦታ የተጻፈ ነገር ሁለት ቦታ ሊሳሳት ይችላላ። ግን የምንፈርመውን ውል የምንጽፈው እኛ አይደለንም፣ ስለዚህ እንፈትሻለን።

አሁን አንድ ሊዝ ላሳያችሁ። ሁለት ልጅ ያላቸው ባልና ሚስት ይዘውልኝ የመጡት ነው፣ ማንነታቸው እንዳይታወቅ ስሙንም አድራሻውንም ትቼዋለሁ፣ አከራዩንም አልጠቅስም። ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ነው፣ እዚሁ ቨርጂኒያ ውስጥ።

አንቀጽ 3 ላይ ወርሃዊ ኪራዩ በፊደል አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ ዶላር ይላል፣ ቀጥሎ በቅንፍ ውስጥ ግን $1,580 ነው የተጻፈው። ስምንቱና አምስቱ ቦታ ተቀያይረዋል። ባልና ሚስቱ ሁለቱም አንብበውታል፣ አላዩትም፣ ደግሞም አይፈረድባቸውም፣ አይናችን ቁጥር ካየ ፊደሉን ዘሎ ነው የሚሄደው። እነሱ በሃሳባቸው የተከራዩት በ1,580 ነው። ልዩነቱ በወር 270 ዶላር ነው፣ በዓመት 3,240።

እና የትኛው ነው የሚያሸንፈው? ብዙ ሰው ቁጥሩ ይመስለዋል፣ ምክንያቱም ጎልቶ የሚታየው እሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ያለው አጠቃላይ ልማድ ግን ፊደሉ ያሸንፋል የሚል ነው። ለቼክና ለመሳሰሉት እንዲያውም በሕግ ተጽፏል፣ ዩኒፎርም ኮሜርሺያል ኮድ የሚባለው 3-114 ላይ፣ በእጅ የተጻፈ በታይፕ ከተጻፈውም ከታተመውም ይበልጣል፣ ፊደል ከቁጥር ይበልጣል ይላል። ይሄ አንቀጽ ለቼክ እንጂ ለቤት ኪራይ የወጣ አይደለም፣ ግን ፍርድ ቤቶች ሌላ ውል ሲተረጉሙም የሚከተሉት አካሄድ ተመሳሳይ ነው። በዚህ ከሄድን እነዚህ ባልና ሚስት ቢፈርሙ የሚፈርሙት 1,850 ነው። ግን ደግሞ ይሄን እንደ ሂሳብ ቀመር አትያዙት። ዳኛ ፊደልና ቁጥር ሲጋጭበት መጀመሪያ የሚያየው ሙሉ ውሉን ነው፣ ሰዎቹ የተስማሙት ምን ነበር ብሎ፣ አሻሚ ሆኖ ከቀረ ደግሞ ብዙ ጊዜ ውሉን ባዘጋጀው ወገን ላይ ነው የሚተረጎመው። ስለዚህ ውጤቱን ማንም አስቀድሞ ቃል ሊገባላችሁ አይችልም፣ እና ፍርድ ቤት ከመድረስ ይልቅ አሁን ማስታረቁ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

እንቀጥል። ያው ውል አንቀጽ 2 ላይ የውሉ ዘመን አስራ ሁለት ወር ነው ይላል፣ በቅንፍም 12 ይላል፣ ፊደልና ቁጥር ተስማሙ ብለን ልናልፍ ነው፣ ግን ቀኖቹን ስንቆጥር ከሴፕቴምበር 1 2025 እስከ ጁላይ 31 2026 ነው የሚለው። ቁጠሩት፣ 11 ወር ነው። ኦገስት የለችም። ይሄ የሚያሳየን አንድ ቁጥር ከጎኑ ካለው ፊደል ጋር መስማማቱ ብቻ እንደማይበቃ ነው፣ ከሌላው ገጽ ካለው ቁጥር ጋርም መስማማት አለበት። የኦገስት ወር ላይ እነዚህ ሰዎች ውል አላቸው ወይስ የላቸውም? ቤቱን ጁላይ 31 ይለቃሉ ወይስ ኦገስት 31? ከአንቀጽ 2 መልስ አታገኙም።

አንቀጽ 4 ላይ ደግሞ የዓመቱ ጠቅላላ ኪራይ $22,200 ይላል። እዚህ ጋ ካልኩሌተር አውጡ። 22,200 ለ12 ሲካፈል 1,850 ነው። ስለዚህ ጠቅላላው ድምር በአንቀጽ 3 ያለውን ፊደል ይደግፋል፣ 12 ወርንም ይደግፋል። እሺ እንግዲህ ተፈታ፣ 1,580 የታይፕ ስህተት ነው እንበል? አንቀጽ 5ን እንይ፣ ዲፖዚት ከአንድ ወር ኪራይ ጋር እኩል ነው ይልና በፊደልም በቁጥርም 1,580 ይላል። ሁለቱም። አያችሁ፣ አንዱ ማስረጃ ወደ 1,850 ይጎትታል ሌላው ወደ 1,580። ይሄን ጊዜ አንድ አራሚ ማድረግ የሌለበት ነገር መገመት ነው። ውሉን የሚያነብ ሰው ስራው ትክክለኛውን ቁጥር መወሰን አይደለም፣ የማይስማሙትን አውጥቶ የትኛው ነው ብሎ መጠየቅ ነው።

ሁለት ግጭት ደግሞ ወደ መጨረሻው ገጽ አካባቢ ነበር። ለመልቀቅ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ በፊደል ስልሳ ቀን በቅንፍ 30 ቀን። የዘገየ ኪራይ ቅጣት፣ ሌት ፊ የምንለው፣ በፊደል አምስት ፐርሰንት በቅንፍ 10 ፐርሰንት። የማስጠንቀቂያው ነገር ሰው የሚጎዳበት ነው። 30 አይቶ ከመልቀቁ 30 ቀን በፊት ደብዳቤ የሰጠ ሰው፣ አከራዩ ስልሳ ነው የሚለው ብሎ የአንድ ወር ኪራይ ሊጠይቀው ይችላል፣ ፊደሉ ደግሞ ከአከራዩ ጎን ነው። የቅጣቱን ብታዩ 1,850 ላይ 5 ፐርሰንት 92 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው፣ 10 ፐርሰንት 185 ዶላር። እዚህ ቨርጂኒያ የሌት ፊ ጣሪያው 10 ፐርሰንት ስለሆነ ሁለቱም በሕጉ ውስጥ ናቸው፣ ሕጉ አይፈታላችሁም። ወንዙን ተሻግራችሁ ሜሪላንድ ወይ ዲሲ ብትከራዩ ግን ጣሪያው 5 ፐርሰንት ነው፣ እዚያ 10 የሚለው ቁጥር አይጸናም። ስለዚህ አንድ ቢሮ በሦስቱም ቦታ ቤት ሲያከራይ አንዱን ፎርም ለሌላው ገልብጦ እንደተጠቀመ ከእንዲህ አይነት ቁጥር ትጠረጥራላችሁ።

አሁን እንዴት እንደማነበው ልንገራችሁ። ሊዙን በአንድ ንባብ ሁሉንም ለማየት አትሞክሩ። መጀመሪያ ቁጥር ብቻ፣ ስለ ውሻ ስለ ፓርኪንግ የሚለውን ትርጉሙን ለመረዳት ሳትሞክሩ፣ ቁጥር ሲመጣ ብቻ ትቆማላችሁ። አንድ ባዶ ወረቀት ላይ አንቀጹን፣ በፊደል ያለውን፣ በቁጥር ያለውን፣ የምን ቁጥር እንደሆነ ትጽፋላችሁ። ፋይሉ ወርድ ከሆነ ፍለጋው ውስጥ ይሄን መጻፍ ትችላላችሁ፦

```
(^#
$^#
```

የመጀመሪያው ቅንፍ ተከፍቶ ቀጥሎ ቁጥር ያለበትን ቦታ ሁሉ ያወጣል፣ ሁለተኛው የዶላር ምልክት ተከትሎ ቁጥር ያለበትን። ይሄ የሚሰራው ወርድ ላይ ነው። ፒዲኤፍ ከሆነ `$` እና `%` ብቻ እየጻፋችሁ ፈልጉ። ከዛ ደግሞ በፊደል ብቻ ተጽፈው ቁጥር ያልተከተላቸው አሉ፣ እነሱን በዚህ አታገኟቸውም፣ ለነሱ `day`፣ `month`፣ `percent` እያላችሁ ፈልጉ። እና አንድ ነገር እንዳትረሱ፣ የተላከላችሁ ፒዲኤፍ ወረቀቱ በስካነር ተነስቶ ከሆነ ፎቶ ነው ማለት ነው፣ ውስጡ ምንም አይፈለግም። ፈልጋችሁ ምንም አልተገኘም ሲላችሁ የለም ብላችሁ እንዳትደመድሙ፣ አይናችሁ እያየው ያለውን አንድ ቃል ፈልጉ፣ እሱንም ካላገኘው ፎቶ ነው፣ አትማችሁ በእርሳስ ሂዱ።

ከዛ ሁለት ሰው ሆናችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። አንዱ ፊደሉን ብቻ ያነባል ቁጥሩን በወረቀት ሸፍኖ፣ ሌላው የሰማውን በቁጥር ይጽፋል፣ በኋላ ቅንፍ ውስጥ ካለው ጋር ያስተያያል። ፊፍቲንና ፊፍቲ፣ ሲክስቲንና ሲክስቲ በጆሮ እንደሚምታቱ ታውቃላችሁ፣ ስለዚህ እንደዚህ ያለ ቁጥር ላይ አንባቢው በድጋሚ አንድ በአንድ ይጥራው፣ አንድ አምስት ወይስ አምስት ዜሮ። የአስራ ሦስት ዓመት ልጃችሁ ከእናንተ ጋር ቢያነብ ጥሩ ነው፣ ውሉን መረዳት አያስፈልገውም፣ እንዲያውም ባይረዳው ይሻላል፣ የገባው ሰው ነው አእምሮው ስህተቱን አስተካክሎ የሚያነብለት።

ወደ ሁለተኛው ጉዳይ ልሂድ፣ ስያሜዎቹ። ይሄኛው ከቁጥሩ ይከብዳል፣ ምክንያቱም አይን ላይ አይደምቅም። ሊዝ መጀመሪያው ገጽ ላይ አንድን ነገር በረጅሙ ይገልጸውና ከዚህ በኋላ እንዲህ ተብሎ ይጠራል ይላል፣ በቅንፍና በጥቅስ ምልክት፣ ብዙ ጊዜ በደማቁ፣ የመጀመሪያ ፊደሉም ትልቅ ሆኖ። በዚህ ውል ውስጥ የመንገድ ቁጥሩ ላይ ያለው ሙሉ ሕንጻ ከነግቢው ፕሮፐርቲ ተባለ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው የነሱ አፓርታማ ፕሪሚስስ ተባለ። ጥሩ፣ ግልጽ ነው። ከዛ በኋላ ውሉ ያንን ቃል ጠብቆ መሄድ ነበረበት።

አልጠበቀም። አንቀጽ 9 አከራዩ ወደ ዩኒቱ ለመግባት ማሳወቂያ ይሰጣል ይላል፣ ዩኒት የሚባል ነገር የትም አልተተረጎመም። እሱ ብዙም አያስጨንቅም፣ ማንም አፓርታማው ማለት እንደሆነ ይገባዋል። አንቀጽ 14 ግን ተከራዩ ፕሮፐርቲውን በጥሩ ይዞታ ይጠብቃል፣ ለሚያስፈልገው ጥገና ወጪውን ይሸፍናል ይላል። ፕሮፐርቲ ምን ነበር? ሙሉ ሕንጻው። ቃል በቃል ካነበባችሁት የሦስተኛ ፎቅ ተከራይ የሕንጻውን ጣራ ሊጠግን ነው። የቨርጂኒያ ሕግ አከራዩ ላይ የሚጥላቸው የጥገና ግዴታዎች ስላሉ እስከዚያ ድረስ ይሄዳል ብዬ አላስፈራራችሁም። ግን በኮሪደሩ ላይ ለተሰበረ መስታወት፣ በግቢው ላይ ለተበላሸ በር ሂሳብ ሲላክላችሁ የሚጠቀሰው ይቺ አንቀጽ ናት፣ እናንተ ደግሞ ፈርማችሁባታል። ፕሪሚስስ ለማለት ፈልገው ነው ፕሮፐርቲ ያሉት፣ አንድ ቃል ናት። ለዚህ ነው ስያሜ ሲቀያየር ዝም ብሎ የአጻጻፍ ጉዳይ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት የምላችሁ፣ ውል የሚያነብ ሰው ቃሉ የተለየው ነገሩ ስለተለየ ነው ብሎ ነው የሚነሳው።

ሬንት የሚለውን ደግሞ እዩት። አንቀጽ 3 ሬንት ማለት ወርሃዊው ኪራይ ነው ብሏል። አንቀጽ 6 ላይ ውሃ 60 ዶላርና ፓርኪንግ 75 ዶላር ተጨማሪ ሬንት ይባላሉ ይላል። አንቀጽ 7 ላይ ሌት ፊው በማናቸውም ያልተከፈለ ሬንት ላይ ይታሰባል ይላል። የትኛው ሬንት? 1,850 ነው ወይስ ከውሃና ከፓርኪንግ ጋር 1,985? በገንዘብ ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ በ10 ፐርሰንት ቢታሰብ እንኳ 13 ዶላር ከ50 ሳንቲም። የሚያሳስበኝ ሌላው ነገር ነው፣ ፓርኪንጉ ሬንት ከተባለ የፓርኪንግ ክፍያ የዘለለ ሰው ኪራይ አልከፈለም ሊባል ነው ማለት ነው፣ ኪራይ አልከፈለም መባል ደግሞ ከቤት የማስወጣት ሂደት የሚጀመርበት በር ነው። ስለዚህ ይሄን ቃል ስታገኙት እያንዳንዱ ቦታ ላይ ቁሙ፣ ትልቅ ፊደል ነው የጀመረው ትንሽ፣ ብቻውን ነው ወይስ ተጨማሪ የሚል ቃል ከፊቱ አለ ብላችሁ።

ሌላው ስያሜ የሚምታታበት ቦታ ከኋላ የሚያያዙት ወረቀቶች ናቸው፣ አዴንደም የሚባሉት፣ ስለ እንስሳ፣ ስለ ሻጋታ፣ ስለ ፓርኪንግ። እነሱ ብዙ ጊዜ ከሌላ ቦታ የመጡ ፎርሞች ናቸው፣ ስለዚህ ዋናው ውል ላንድሎርድና ቴናንት ሲል እነሱ ኦውነርና ሬዚደንት ይላሉ። ሬዚደንት የፈረመው ሰው ብቻ ነው ወይስ ቤቱ ውስጥ የሚኖር ሁሉ? በዚህ ሊዝ የእንስሳው አዴንደም በግቢው ውስጥ ለሚደርስ ጉዳት ሬዚደንት ሁሉ በየግሉ ተጠያቂ ነው ይላል፣ ልጆቹም ሬዚደንት ናቸው? መጻፍ ያለበት አንድ አረፍተ ነገር ነው፣ በዚህ አዴንደም ሬዚደንት ማለት በሊዙ ቴናንት የተባለው ነው የሚል። ሌሶርና ሌሲ የሚሉ ፎርሞች ደግሞ በጣም ተጠንቀቁባቸው፣ አከራይና ተከራይ በሁለት ፊደል ብቻ ነው የሚለያዩት፣ ሌሶር ይጠግናል መሆን ያለበት ሌሲ ይጠግናል ሆኖ ሲያልፍ ስፔል ቼክ ዝም ነው የሚለው፣ ሁለቱም ትክክለኛ ቃል ናቸው።

አፈታተሹ ቀላል ነው፣ ጊዜ ነው የሚፈልገው። መጀመሪያ በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያሉትን ስያሜዎች ሁሉ ወረቀት ላይ ታወጣላችሁ። ከዛ ለእያንዳንዱ ወንድሞቹን ትፈልጋላችሁ፣ ለቤቱ ለምሳሌ `Premises` ካላችሁ በኋላ `Property`፣ `Apartment`፣ `Unit`፣ `Building` ትላላችሁ፣ ወርድ ላይ `Match case` የሚለውን አንዴ አብርታችሁ አንዴ አጥፍታችሁ፣ ምክንያቱም በትንሽ ፊደል የተጻፈው ያው የተተረጎመው ቃል ነው ወይስ ተራ ቃል የሚለው ራሱ ጥያቄ ነው። የተገኘበት ቦታ ሁሉ ላይ ትርጉሙን ከመጀመሪያው ገጽ አምጥታችሁ በቃሉ ምትክ አስገብታችሁ አንብቡት። ተከራዩ ሙሉ ሕንጻውን ከነግቢው በጥሩ ይዞታ ይጠብቃል። ስህተት ከሆነ ያኔ ይጮሃል።

ያገኛችሁትን ምን ታደርጉታላችሁ? በእስክሪብቶ ራሳችሁ ሰርዛችሁ አስተካክላችሁ አትላኩ፣ በስልክም ብቻ አትጨርሱት። ኢሜይል ጻፉ፣ አጭር፣ ማንንም ሳትወቅሱ፦ አንቀጽ 3 ላይ በፊደል 1,850 በቁጥር 1,580 ይላል፣ አንቀጽ 4 በ1,850 የታሰበ ይመስላል፣ አንቀጽ 5 በ1,580፣ የትኛው እንደሆነ አረጋግጣችሁ የተስተካከለ ቅጂ ላኩልን። እንደዚህ ለእያንዳንዱ። ማስታወቂያው ላይ የነበረውን ዋጋ ስክሪንሾት አንሱና አስቀምጡ፣ ቁጥሩ አሻሚ ሆኖ ጭቅጭቅ ቢነሳ ሰዎቹ ምን እንዳሰቡ የሚያሳይ ነገር ነው። ከተፈረመ በኋላ ያገኛችሁት እንደሆነ ደግሞ ማሻሻያው በጽሑፍ ሆኖ ሁለታችሁም ትፈርሙበታላችሁ፣ ወረቀቱ ላይ በእጅ ከተስተካከለም ከጎኑ የሁለታችሁም ኢኒሻል ይኑር፣ የአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ማን መቼ እንደቀየረው ክርክር ነው።

ለባልና ሚስቱ ከቢሮው መልስ የመጣው ኪራዩ 1,850 ነው፣ ቁጥሩ የታይፕ ስህተት ነው የሚል ነው። አልወደዱትም በእርግጥ፣ ግን ሳይፈርሙ ነው ያወቁት፣ በዚያ ዋጋ ይችሉ እንደሆነ አስበው ነው የወሰኑት። ማስጠንቀቂያው 60፣ ሌት ፊው 5 ፐርሰንት ሆነ፣ መጨረሻው ቀን ኦገስት 31 2026 ተባለ፣ አንቀጽ 14 ላይ ፕሮፐርቲ ወጥቶ ፕሪሚስስ ገባ። አዲሱን ቅጂ እንደገና ከመጀመሪያው አነበብነው፣ ወርድ ላይ ኮምፔር በሚለው ከድሮው ጋርም አስተያየነው፣ የነገራችኋቸውን ሁሉ ቀይረው ሳለ ያልነገራችኋቸውም ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል። ያልጠየቅነው የተቀየረ አልነበረም። ግን አንቀጽ 5 አሁንም ዲፖዚቱ ከአንድ ወር ኪራይ ጋር እኩል ነው ብሎ 1,580 ይላል። ለኛ የሚጠቅም ነው ዝም እንበል ያለኝ ሰው ነበር። አይሆንም አልኩ፣ ከአንድ ወር ኪራይ ጋር እኩል የሚለው ሐረግ እዚያው ስላለ በኋላ 270 ዶላር ይቀራችኋል ሊሏቸው ይችላሉ፣ ሲወጡም ምን ያህል እንደሚመለስላቸው ማንም አያውቅም። በድጋሚ ጠየቁ፣ ቢሮው ዲፖዚቱን 1,580 ላይ ትቶት ከኪራይ ጋር እኩል የሚለውን ሐረግ አወጣው፣ ከዛ ነው የፈረሙት።

ሊዛችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ እዚህ ጠረጴዛው ጋ ኑ፣ እርሳስና ወረቀት አለ፣ ከአንቀጽ አንድ እንጀምራለን።